አስር ቤት ከአማካይ በታች፦ በሐዋሳ የማታ ክፍል የ11 ቤተሰቦች የአስቤዛ ወጪ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ለጎልማሶች በማታ የተሰጠ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ 11 ናቸው፤ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ። አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ያውቃሉ፣ ስልካቸው ላይ ባለው ካልኩሌተርም ይደምራሉ። «አማካይ» የሚለውን ቃል በሬዲዮ ሰምተውታል፣ መሀለኛውን ቁጥር የሚያሳየው ሚዲያንና ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን የሚያሳየው ሞድ ግን አዲስ ናቸው። ሦስቱን ለማስረዳት የተመረጠው መረጃ እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ለአስቤዛ ያወጣው ገንዘብ ነበር።

ጎልማሳን ስለ ገንዘብ በሚያወራ ቁጥር ማስተማር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ከመምህሩ በፊት ተማሪው ራሱ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» ይላል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቁጥሩ በጥንቃቄ ከተሰበሰበ ነው።

ከስሌቱ በፊት፦ ምን ይቆጠራል?

በመጀመሪያ ጥያቄው «በሳምንት ለቤት ምን ያህል ያወጣሉ?» የሚል ብቻ ነበር። መልሶቹ ሲመጡ የማይወዳደሩ ነገሮች ተቀላቅለው ተገኙ። አንዷ እናት ለሦስት ወር የሚበቃ አንድ ኩንታል ጤፍ የገዙት በዚያው ሳምንት ስለነበር የጤፉን ዋጋ በሙሉ ጨምረውታል። ሌላው ተማሪ የቤት ኪራይ ደምረዋል። አንዲት ወጣት ደግሞ 600 ብር ብላ ጻፈች፤ ሲጣራ የሐሙስ ገበያ ወጪ ብቻ ነው። ሰኞም ሐሙስም ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ «ሳምንት» ሲባል ከገበያ እስከ ገበያ ያለውን ጊዜ ማሰቡ አይገርምም።

እንዲህ የተቀላቀለ መረጃ ላይ የሚሠራ አማካይ ስሌቱ ልክ ቢሆንም ምንም አይናገርም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረና ሁሉም በአንድ ልክ እንዲመልስ ተደረገ፦ «ካለፈው ሰኞ እስከ እሑድ፣ ሰባቱንም ቀን፣ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለጎመን፣ ለዘይት፣ ለሽሮ፣ ለሥጋ ወይም ለዓሣ፣ ለዳቦ፣ ለቡናና ለከሰል ያወጡት ገንዘብ። ጤፍ፣ ቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አይቆጠሩም።» መልሱ ወደ መቶ ብር ተጠጋግቶ ስም በሌለው ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከሥሩ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ «በዚህ ሳምንት የተለየ ወጪ ነበር? ለምን?» ይህች መስመር ኋላ ላይ ትልቁን ሥራ ሠርታለች።

ስም አለመጻፉ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ሰው ጎረቤቱ ፊት የቤቱን ወጪ ሲጠየቅ ወይ ያሳንሳል ወይ ያሳድጋል፤ መረጃው ደግሞ በሁለቱም ይበላሻል። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ከተበወዙ በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ታደለ፤ ማንም የያዘው የማን እንደሆነ አያውቅም። በታደሉበት ቅደም ተከተል በሰሌዳው ላይ እንዲህ ተጻፉ፦

1800፣ 2400፣ 1500፣ 10100፣ 1200፣ 2500፣ 1600፣ 2100፣ 1500፣ 2000፣ 1900

አማካይ በሽምብራ

«ደምረህ ለብዛቱ አካፍል» የሚለው መመሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ተማሪው የሚያገኘው ቁጥር ምን እንደሆነ አይነግረውም። ስለዚህ ስሌቱ በእጅ ተሠራ። 11 ኩባያዎችና አንድ ሳህን ሽምብራ ቀረቡ፣ አንድ ፍሬ 100 ብር ነው ተባለ። እያንዳንዱ ተማሪ በያዘው ወረቀት ልክ ቆጥሮ ኩባያው ውስጥ ጨመረ፤ 1200 የያዘ 12 ፍሬ፣ 10100 የያዘ 101 ፍሬ።

ቀጥሎ የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነበር፦ «ከሞላው እያነሣችሁ ወደ ጎደለው ጨምሩ፣ ሁሉም ኩባያ እኩል እስኪሆን።» ሥራው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም አንድ ነገር አየ። የሚሰጠው አንድ ኩባያ ብቻ ነው፤ አስሩ በሙሉ ተቀባይ ናቸው። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ኩባያ 26 ፍሬ ይዟል፤ አማካዩ 2600 ብር ማለት ነው። ከዚያ በወረቀት ተረጋገጠ፦ ድምሩ 28600፣ ለ11 ሲካፈል 2600።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚዘሉት፣ ግን ሊዘለል የማይገባ አንድ እርምጃ አለ። እያንዳንዱ ኩባያ የተቀበለው ፍሬ ተቆጠረ፦ 14፣ 11፣ 11፣ 10፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 2፣ 1፤ በድምሩ 75። ትልቁ ኩባያ የሰጠውም 101 ሲቀነስ 26፣ ይኸውም 75 ነው። አማካይ ከበላዩ ያለው ትርፍ ከበታቹ ካለው ጉድለት ጋር ልክ የሚተካከልበት ቦታ ነው። ይህን በእጁ የቆጠረ ተማሪ አንድ ትልቅ ቁጥር አማካዩን ለምን ወደ ራሱ እንደሚስበው በቃል ሳይነገረው ይገባዋል።

ምሳሌ ካስፈለገ ቅርጫ ይበቃል፤ የበሬው ዋጋ ለአባላቱ እኩል ሲከፈል የአንዱ ድርሻ አማካይ ነው። ልዩነቱ ግን ወዲያው መነገር አለበት። በቅርጫ ድርሻውን ሁሉም በትክክል ይከፍለዋል፤ እዚህ ግን 2600 ብር ያወጣ ቤት አንድም የለም። ከ11ዱ ቤቶች አስሩ ከአማካዩ በታች ናቸው። ከፍተኛ ወጪ አለብኝ ብለው ሲጨነቁ የነበሩ አንዲት እናት «2500 እያወጣሁ እኔም ከአማካይ በታች ነኝ? ታዲያ ይሄን ያህል ማን ነው ያወጣው?» ሲሉ ጠየቁ። ሚዲያንን ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም።

በስልክ ካልኩሌተር ከሠሩት መካከል ሁለቱ 26872.7 አገኙ። የነካኩት ይህን ነው፦

```
1800+2400+1500+10100+1200+2500+1600+2100+1500+2000+1900÷11
```

ብዙዎቹ የስልክ ካልኩሌተሮች ማካፈልን ከመደመር ያስቀድማሉ። ስለዚህ ለ11 የተካፈለው የመጨረሻው 1900 ብቻ ነው፣ ቀሪው እንዳለ ተደመረ። መፍትሔው ድምሩ ካለቀ በኋላ `=` ተጭኖ 28600 መታየቱን አይቶ፣ ከዚያ ማካፈል ነው። ስሕተቱን ለመያዝ ደግሞ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ፤ አማካይ ከትንሹ ቁጥር ሊያንስ፣ ከትልቁም ሊበልጥ አይችልም። መልሱ ከ1200 እስከ 10100 ባለው ውስጥ ካልወደቀ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

ሌላው ስሕተት በዝምታ የሚያልፍ ስለሆነ የበለጠ ያሳስባል። በመዝገቡ ላይ 12ኛ ተማሪ ነበሩ፣ ያን ዕለት ግን አልመጡም። አንዱ ተማሪ ባዶውን ቦታ ዜሮ አድርጎ ለ12 አካፈለና 2383 ብር አገኘ። ቁጥሩ እውነት ስለሚመስል ማጣሪያው አይዘውም። ያልተጠየቀ ቤት ምንም ያላወጣ ቤት አይደለም፤ ዜሮ የሚጻፈው ተጠይቆ «ምንም አላወጣሁም» ላለ ብቻ ነው።

ሚዲያን በሰልፍ

ወረቀት እንደያዙ ሁሉም ከትንሽ ወደ ትልቅ በግድግዳው በኩል ተሰለፉ፦

1200፣ 1500፣ 1500፣ 1600፣ 1800፣ 1900፣ 2000፣ 2100፣ 2400፣ 2500፣ 10100

ከዚያ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሰው እኩል ይቀመጣል። 1200 እና 10100 የያዙት ተቀመጡ፣ ከዚያ 1500 እና 2500፣ እንዲህ እያለ 1900 የያዘው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ሚዲያኑ 1900 ብር ነው፤ አምስት ቤቶች ከእሱ በታች፣ አምስት ቤቶች ከእሱ በላይ።

በሰልፉ ላይ አራት ዓይነት ስሕተት ታይቷል፣ እያንዳንዱም የራሱ ምንጭ አለው። የመጀመሪያው ሳይሰለፉ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ስድስተኛውን መውሰድ ነው፤ 2500 ይወጣል። ሁለተኛው ትንሹንና ትልቁን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ 5650 ይመጣል፣ ከዚያ በላይ ያወጣው ቤት ግን አንድ ብቻ ስለሆነ መሀል ሊባል አይችልም። ሦስተኛው «ስንት ነው?» ሲባል «6» ብሎ መመለስ ነው። ስድስት የሰልፉ ቦታ ነው፣ ሚዲያኑ ግን እዚያ ቦታ የቆመው ሰው የያዘው ብር ነው።

አራተኛው ስውር ነው። ሁለቱ 1500 አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን «ድጋሚ ነው» ብሎ መሰረዝ። ሲሰረዝ አስር ቁጥሮች ይቀራሉ፣ ሚዲያኑም 1950 ይሆናል። ከትክክለኛው መልስ በ50 ብር ብቻ ስለሚለይ መምህሩ ካላስተዋለ ያልፋል። እርማቱ ግን ሰልፉ ውስጥ ነው፤ 1500 የያዙት ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቤቶችን ወክለው ቆመዋል። አንዱን መሰረዝ አንድ ቤት ማጥፋት ነው።

ብዛቱ ጥንድ ሲሆን የሚፈጠረውንም ሰልፉ ያሳያል። 10100 የያዙት ለጊዜው ወጥተው አስር ሰው ሲቀር፣ መጨረሻ ላይ ቆመው የቀሩት 1800 እና 1900 የያዙት ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው እኩሌታ 1850 ሚዲያን ይሆናል፤ 1850 ብር ያወጣ ቤት ባይኖርም።

በዚሁ አጋጣሚ የአስሩ አማካይም ተሰላ። 18500 ለ10 ሲካፈል 1850 ነው። አንድ ቤት ሲወጣ አማካዩ በ750 ብር ወረደ፣ ሚዲያኑ ግን በ50 ብር ብቻ። ከሁሉም ስሌቶች ተማሪዎቹ ዘንድ የቀረው ይህ ንጽጽር ነው፤ የአስሩ አማካይና ሚዲያን አንድ መሆናቸው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ቁጥሮቹ በመሀሉ ግራና ቀኝ በተመጣጠነ ሁኔታ ሲበተኑ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ሲራራቁ ግን በአንድ በኩል የተጎተተ ነገር አለ ማለት ነው።

10100 ብሩ ይጣል?

«ሒሳቡን ስለሚያበላሽ እናውጣው» የሚለው ሐሳብ ከተማሪዎቹ መጣ። በብዙ ክፍሎችም ይህ እንደ ደንብ ይሰጣል። ጎጂ ደንብ ነው ብለን እናምናለን። ከሌሎቹ ርቆ የወጣ ቁጥር ሲታይ የሚቀድመው ጥያቄ እውነት ነው ወይስ የአጻጻፍ ስሕተት የሚለው ነው። 2100 ለመጻፍ ያሰበ ሰው አንድ ዜሮ ቢጨምር 21000 ይሆናል፤ ያኔ ተጠይቆ ይታረማል። እዚህ ግን በወረቀቱ የታችኛው መስመር ላይ «ክርስትና ነበረን፣ በግ ገዝተናል» ተብሎ ተጽፏል። ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቷል።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ይጣል አይጣል የሚለውን የሚወስነው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። «የ11ዱ ቤቶች የሳምንቱ አስቤዛ በድምሩ ምን ያህል ገንዘብ ወደ ገበያ አመጣ?» ከሆነ ትክክለኛው መሣሪያ አማካይ ነው፤ 2600 በ11 ሲባዛ 28600 ይመልሳል። ክርስትናው ከወጣ መልሱ ውሸት ይሆናል። ሚዲያኑ 1900 በ11 ቢባዛ 20900 ነው፣ ከእውነቱ በ7700 ብር ያነሰ፤ ስለዚህ ሚዲያን ለድምር አያገለግልም። «የእኔ ወጪ እንደ ሰው ነው ወይስ ይበዛል?» ለሚለው ደግሞ መልስ የሚሰጠው ሚዲያን ነው፤ 2500 የሚያወጡት እናት ከመሀለኛው ቤት በ600 ብር እንደሚበልጡ ያሳያቸዋል፣ አማካዩ ግን ይህን ሸፍኖባቸው ነበር። «ክርስትና በሌለበት ተራ ሳምንት ምን ያህል ይወጣል?» የሚል ሰው አስሩን ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ አንድ ቤት ማውጣቱንና ምክንያቱን እስከ ተናገረ ድረስ።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ በጣም ተገቢ ተቃውሞ አነሡ፦ «ሁለት ሰው ያለበት ቤትና ሰባት ሰው ያለበት ቤት እንዴት ይወዳደራል?» አይወዳደርም። 2100 ብር ለሰባት ሰው በነፍስ ወከፍ 300 ነው፣ 1500 ብር ለሁለት ሰው 750። የቤተሰቡ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ስላልተጠየቀ ይህ መረጃ የቤትን ወጪ እንጂ የሰውን ኑሮ አያሳይም። ጥናቱን የሚደግም ሰው ያንን ጥያቄ ቢጨምር መልካም ነው።

ሞድና የዘይት ጠርሙስ

በወጪው መረጃ ሞዱ 1500 ነው፣ ሁለት ጊዜ ስለመጣ። እዚህ ላይ ቢቆም ተማሪው «ብዙ ቤት 1500 ያወጣል» ብሎ ይሄዳል፤ ከ11 ሁለት ግን ብዙ አይደለም። ያውም ሁለቱ የተገናኙት በማጠጋጋት ሊሆን ይችላል፤ 1470 እና 1535 ያወጡ ቤቶች ሁለቱም 1500 ብለው ይጽፋሉ። ይህን ለማሳየት እነዚያው ቁጥሮች እንደገና ወደ 500 ብር ተጠጋጉ። 1200 ወደ 1000 ሄደ፤ 1500 ሦስት ጊዜ፣ 2000 አራት ጊዜ፣ 2500 ሁለት ጊዜ መጣ፤ 10100 ደግሞ 10000 ሆነ። ሞዱ 2000 ሆነ። ወጪው ሳይለወጥ የአጻጻፉ ልክ ብቻ ሲለወጥ 500 ብር የሚዘል መለኪያ ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር አይታመንም።

ሞድ የሚያገለግለው መልሱ የተወሰኑ ምርጫዎች ሲሆኑ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ቀረበ፦ «ዘይት በየትኛው መጠን ይገዛሉ? ባለ 1፣ ባለ 3 ወይስ ባለ 5 ሊትር?» አምስት ቤቶች ባለ 1፣ ሁለት ቤቶች ባለ 3፣ አራት ቤቶች ባለ 5 አሉ። አማካዩ 31 ለ11፣ ወደ 2.8 ሊትር ነው፤ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በየትኛውም ሱቅ የለም። ሚዲያኑ 3 ሊትር ነው፣ ይህንን የሚገዙት ግን ከሁሉም ያነሱት ሁለት ቤቶች ናቸው። ሱቅ ያላቸው ተማሪ ሳይጠየቁ ተናገሩ፦ «እኔ ባለ 3 ብደረድር ቆሞ ይቀርብኛል።» ለእሳቸው የሚጠቅመው ሞዱ ነው፣ ባለ 1 ሊትር።

ወዲያው ግን ገደቡ መነገር አለበት። አምስት ለአራት የአንድ ቤት ልዩነት ነው። ባለ 1 የሚገዛ አንድ ቤት ወደ ባለ 5 ቢዞር ሞዱ ባለ 5 ይሆናል። ባለ ሱቁ ከዚህ መረጃ መውሰድ ያለባቸው «ባለ 1 ያሸንፋል» የሚለውን ሳይሆን «ባለ 1 እና ባለ 5 ይሄዳሉ፣ ባለ 3 አይሄድም» የሚለውን ነው። ቆጠራው በሙሉ ከሞዱ ጋር ካልቀረበ ይህ አይታይም። ዝርዝሩ ቁጥር ባይሆን፣ ለምሳሌ «ከጉሊት፣ ከሱቅ ወይስ ከትልቁ ገበያ?» ቢባል፣ አማካይም ሚዲያንም አይኖርም፤ ሞድ ብቻ ይቀራል።

መፈተሻው

በመጨረሻ የተሰጠው ጥያቄ ስሌት አይፈልግም፦ «የቀሩት 12ኛ ተማሪ መጥተው 1900 ብር አሉ። ሦስቱ ቁጥሮች ምን ይሆናሉ? ሳትደምሩ ተናገሩ።»

አማካዩ ይወርዳል፣ ምክንያቱም 1900 ከ2600 ስለሚያንስ አዲሱ ኩባያ ከሌሎቹ ሽምብራ ይቀበላል። በወረቀት ሲሠራ 30500 ለ12፣ ወደ 2542 ብር ነው። ሚዲያኑ አይነቃነቅም፤ ሰልፉ 12 ሲሆን መሀል ላይ የሚቀሩት ሁለቱም 1900 ይይዛሉ። ሞዱ ሁለት ይሆናል፣ 1500 እና 1900።

«አማካዩ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ብር ተጨመረ» የሚል መልስ ከመጣ፣ ተማሪው አማካይንና ድምርን ገና አለያየም፤ ወደ ኩባያዎቹ ተመልሶ አንድ ባለ 19 ፍሬ ኩባያ ጨምሮ በእጁ ያስተካክል። «ሚዲያኑ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ሰው ተጨመረ» ያለውም እንደገና ይሰለፍ። ሞዱ ላይ «ሁለት ሊሆን አይችልም፣ አንዱን ምረጡ» የሚል ከመጣ ደግሞ የዘይቱ ቆጠራ ተወስዶ ባለ 1 ከሚገዙት አምስት ቤቶች አንዱ ወደ ባለ 3 ይዛወር፤ ባለ 1 እና ባለ 5 አራት ለአራት እኩል ሲሆኑ ባለ ሱቁ ሁለቱንም መደርደር እንዳለባቸው ራሱ ይናገራል።